ቪፒኤን ያስገባል፣ ገንዘቡን ግን አያስወጣም
የክፍያ ማጣራት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ዱባይ ያለ ሰው በቪፒኤን ለንደን ያለ መስሎ የተዘጋ የውርርድ ድረ ገጽ ገባ እንበል። 200 ድርሃም ሲያስገባ ማንም አይጠይቀውም። 9,000 አሸንፎ "ላውጣ" ሲል ነው ፓስፖርትና የአድራሻ ማስረጃ የሚጠየቀው። ካርዱ የኤምሬትስ ነው፤ ቪፒኤኑ ለደቂቃ ሲቋረጥ የታየው የዱባይ አይፒም ተመዝግቧል። ሳያነብ "እስማማለሁ" ያለው ውል ደግሞ ያለበትን አገር መደበቅን ይከለክላል። ስለዚህ አካውንቱ ይታገዳል፤ ያሸነፈውም ይሰረዛል። ያስገባው 200 እንኳ የሚመለሰው ውሉ ከፈቀደ ነው።

ለማን አቤት ይላል? ፖሊስ ጋ ቢሄድ ራሱን ማጋለጡ ነው፤ በኤምሬትስ የ2021 የሳይበር ሕግ፣ ወንጀል ለመፈጸም አይፒን መደበቅ እስራት፣ ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም መቀጮ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል።