መድኃኒቱ ለምን አልሠራም?

የፋርማኮሎጂ ፈተና ላይ ሊቀርብ የሚችል አንድ ጥያቄ እንመልከት። የእግሩ ቁስል መግል የቋጠረ ታካሚ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር ቢወስድም አልተሻለውም። ከመግሉ የተገኘው ባክቴሪያ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው። ባክቴሪያው በተዘራበት ሳህን ላይ ሴፎክሲቲን ያለበት ትንሽ ክብ ወረቀት ተቀመጠ። በማግስቱ በወረቀቱ ዙሪያ የጠራው ክብ 14 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ተገኘ። 21 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተቋቁሟል ማለት ነው። እንዴት?

ቀድሞ የሚታሰበው መልስ "መድኃኒቱን የሚሰብር ኢንዛይም ያመርታል" የሚለው ነው። ስታፊሎኮከስ ተራውን ፔኒሲሊን የሚያከሽፈው በእርግጥም በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን ክላቩላኒክ አሲድ የሚጨመረው ያንኑ ኢንዛይም ለማሰር ነው፤ ሴፎክሲቲንም በኢንዛይሙ በቀላሉ አይሰበርም። "የመግቢያ ቀዳዳውን ዘግቷል" የሚለውም አያስኬድም፤ ስታፊሎኮከስ እነዚህ ቀዳዳዎች የሚገኙበት ውጫዊ ሽፋን የለውም።

የቀረው መድኃኒቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ቤታ ላክታሞች የሚገድሉት የባክቴሪያውን ግድግዳ በሚያያይዙት ፕሮቲኖች ላይ ተጣብቀው ሥራ በማስፈታት ነው። ይህ ባክቴሪያ ግን መክ ኤ በተባለ ዘረመል አማካይነት መድኃኒቱ እምብዛም የማይጣበቅበት ተጨማሪ ፕሮቲን ይሠራል። ሌሎቹ ቢታሰሩም እሱ ግንባታውን ይቀጥላል። ትክክለኛው መልስ ይህ ነው።

ስለዚህ ወደ ሴፍትሪያክሶን መቀየርም አይረዳም፤ እሱም ቤታ ላክታም ነው። ሐኪሙ እንደ ቫንኮማይሲን ያለ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይመርጣል። ቁስልዎ በታዘዘልዎ መድኃኒት ካልተሻለው፣ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት መግሉ ይመርመርልኝ ብለው ይጠይቁ።