ቁጥሩ አነሰ እንጂ ሰውየው ደህና ነው

ስሙኝማ፣ ይሄን ሳልነግራችሁ አላድርም! ደም ስንመረመር ወረቀቱ ላይ ኒውትሮፊል የሚባል አለ፤ ባክቴሪያ ሲገባ ቀድሞ የሚደርስ የነጭ ደም ሴል ዓይነት ነው። እንበልና አንዲት ጤነኛ ወጣት ለሥራ ቅጥር ተመረመረች። ነጭ የደም ሴሏ 3200፣ ከዚያ ውስጥ ኒውትሮፊሉ 38 በመቶ። ሁለቱን ስታባዙ 1216 ይመጣል፤ በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ማለት ነው። ወረቀቱ ደግሞ ከ1500 በታች ከሆነ «ዝቅተኛ» ይላል። ልጅቱ ግን አንድም ቀን አሟት አያውቅም!

ምን ሆኖ ነው? ብዙ አፍሪካውያንና አንዳንድ የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ቀይ የደም ሴላቸው ላይ ደፊ የሚባለው ፕሮቲን የለም። ደፊ ደግሞ ቪቫክስ የተባለው ወባ ወደ ሴሉ የሚገባበት ዋናው በር ነው፤ ስለዚህ አለመኖሩ ከዚያ ወባ በእጅጉ ይከላከላል። እዚሁ ኢትዮጵያ ደፊ ያለውም የሌለውም አለ። እና ጉዱን ስሙ! ያው ወባን የሚከላከለው የዘር ለውጥ በደም ሥር ውስጥ የሚገኘውን ኒውትሮፊልም ያሳንሳል።

ታዲያ ለምን አይታመሙም? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የበራልኝ። ድግስ ቤት ሄዳችሁ ሳሎን የተቀመጡትን ብቻ ብትቆጥሩ ጓዳ ወጥ የሚሠሩትን አላያችሁም። መርፌውም የሚቀዳው ከሳሎን ነው! መቅኔያቸው ኒውትሮፊል በደንብ ያመርታል፤ ከደም ሥር ወጥቶ እንደ ጣፊያ ወዳሉ የአካል ክፍሎች የሚሄደው ግን በርከት ይላል ተብሎ ይታመናል። በሽታ የመከላከል አቅማቸው አልጎደለም።

ሐኪም ይህን የሚለየው እንዴት ነው? ከሳምንታት በኋላ ምርመራውን ይደግመዋል፤ ጉንፋንም ቁጥሩን ለጊዜው ሊያወርደው ይችላልና። ከዚያ የድሮ ወረቀቶችን ይጠይቃል። ከዓመታት በፊትም 1300 ገደማ ከነበረ ተፈጥሮዋ ነው ማለት ነው። ደፊ መኖር አለመኖሩም እንደ ደም ዓይነት በምርመራ ይታወቃል።

ግን ደፊ ሁሉን አይገልጽም። 1216ን ያስረዳል፣ 300ን አያስረዳም። ትናንት 4000 የነበረ ቁጥር ዛሬ 900 ከሆነ፣ ሄሞግሎቢን ወይም ፕላትሌትም አብሮ ከወረደ፣ አፍ ደጋግሞ ከቆሰለ ወይም ያለ ምክንያት ክብደት ከቀነሰ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ የቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ የመቅኔ ችግር ይፈለጋል፤ የሚወሰድ መድኃኒትም ይጠየቃል። ለምሳሌ ከመጠን በላይ ለሚሠራ የእንቅርት ዕጢ የሚሰጠው ካርቢማዞል አልፎ አልፎ ኒውትሮፊልን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ እሱን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም ኃይለኛ የጉሮሮ ሕመም ከያዘው ጉንፋን ነው ብሎ አያድርም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሄዶ ደሙን ያስቆጥራል።