ቅዳሜ ማታ ፊደል ማስቆጠር

መምህር ከደመወዙ ሌላ ገቢ ሲያስብ መጀመሪያ የሚታየው ቤት ለቤት እየዞሩ ማስጠናት ነው። ጣጣውም አብሮ ይመጣል። ቀድመው የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ተማሪዎች ወላጆች ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማርክ የሚሰጠውን ልጅ ቅዳሜ በክፍያ የሚያስጠና መምህር የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ከሌሎች ወላጆች ሐሜት አያመልጥም። ርዕሰ መምህሩም ቢጠይቀው መልስ ያጥረዋል። በእኔ እምነት የራስን ተማሪ በክፍያ ማስጠናት ጭራሽ መነካት የለበትም፤ ዋናውን ሥራ አደጋ ላይ የሚጥል ትርፍ ትርፍ አይባልም።

ለታችኛው ክፍል የአማርኛ መምህራን ግን ይህ ጣጣ የሌለበት ፈላጊ አለ፤ ውጭ አገር የተወለዱ ልጆች። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚያድግ የስምንት ዓመት ልጅ እናቱ በአማርኛ ስትቆጣው ይገባዋል፣ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ፊደል ግን አንድም አይለይም። ወላጆቹ ሊያስተምሩት አስበው ገበታ ገዝተው ግድግዳ ላይ ለጥፈዋል። ከ«ሀ ሁ ሂ» አላለፈም። ማንበብ መቻልና ማንበብ ማስተማር የተለያዩ ስለሆኑ ነው፤ መምህሩ የሚሸጠውም ይህንን ልዩነት ነው።

አንዲት የ2ኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት እንውሰድ። ሃምሳና ስልሳ ልጅ ፊደል አስቆጥራለች፣ የዕለት ትምህርት ዕቅድ መጻፍ፣ ማረም፣ ሰነፍና ጎበዙን አብሮ ማስኬድ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ይጠቅማታል፤ ግን እንዳለ አይሻገርም። አዲስ አበባ ያለው ልጅ ቋንቋውን ይዞ ነው ክፍል የሚገባው፣ በሳምንትም ብዙ ክፍለ ጊዜ አለው። ባሕር ማዶ ያለው ልጅ በሳምንት አንዴ ለአርባ ደቂቃ ብቻ ስልክ ፊት ይቀመጣል። ገበታውን ከላይ ወደ ታች በየተራ ይዛ ከወረደች 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ልጁ «መ» ላይ ሳይደርስ ይሰለቻል። ወላጁም ክፍያውን ያቆማል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ቅደም ተከተሉን ማፍረስ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስድስት ቅርጾች ይበቃሉ፤ አ፣ ባ፣ እ፣ ማ፣ ና፣ ላ። ከነዚህ «አባባ»፣ «እማማ»፣ «ና» እና «ላባ» ይነበባሉ። ልጁ በመጀመሪያው አርባ ደቂቃ ቤት ውስጥ ሲሰማው የኖረውን ቃል በዓይኑ አይቶ ያነባል፤ ስልኩ ሳይዘጋ ለአያቱ ሊያሳይ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቤተሰቡ የሚኬደው። «በ»ን፣ «ለ»ን፣ «ሰ»ን፣ «ከ»ን፣ «ደ»ን፣ «ዘ»ን ከያዘ ካዕቡ ቀኝ ጎን ላይ ጭረት እንደሚያወጣ፣ ሣልሱ ጭረቱን ወደ እግሩ እንደሚያወርድ፣ ራብዑ ቀኝ እግሩን እንደሚያረዝም፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት እንደሚያስር ይነገረዋል። አራት ደንብ ይዞ ከስድስት ፊደል ሃያ አራት አዲስ ቅርጽ ያነባል ማለት ነው። ሳድሱ ደንብ ስለማያከብር በመጨረሻ ይመጣል፤ «ብ»፣ «ል»፣ «ስ» እያሉ አንድ በአንድ ከቃል ጋር ማስለመድ እንጂ አቋራጭ የለውም። «ሐ» እና «ኀ»፣ «ሠ» እና «ዐ» ደግሞ ልጁ ማንበብ እስኪጀምር ድረስ ቢቆዩ ማንም አይጎዳም። ይህን ስል የሚቆጡ አንባቢዎች እንዳሉ አውቃለሁ።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ጆሮ ነው። እንግሊዝኛ እየሰማ ያደገ ልጅ «ጠ»ንና «ተ»ን፣ «ቀ»ንና «ከ»ን አይለይም፤ «ተራ» እና «ጠራ» ለእሱ አንድ ናቸው። ክፍል ውስጥ ይህ ችግር እምብዛም ስለማይታይ ብዙ መምህር መድኃኒቱን አያውቅም። ቀጭን ወረቀት ከአፍ ፊት ይዞ «ተ» ሲባል ወረቀቱ ይወዛወዛል፤ «ጠ» በትክክል ሲወጣ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ልጁ ራሱ ወረቀት ይዞ ይሞክረው። በስልክ ድምፅ ስለሚደበዝዝ መምህርቷ ማይክ ያለው ኢርፎን ብትጠቀም ይሻላል። ተማሪው በተደጋጋሚ ከተሳሳተም ወዲያው ሰነፍ ነው ከማለት በፊት ድምፁ በደንብ እየደረሰው መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለዕቃው ብዙ ገንዘብ አይወጣም። ስልኩ በመጻሕፍት ቁልል ጫፍ ላይ ተደፍቶ ካሜራው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነጭ ወረቀት ያያል፤ መምህርቷ በወፍራም ማርከር ትጽፋለች፣ ልጆቹ እጇ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ ይከተላሉ። ፊቷን ከማየት ይልቅ እጇን ማየት ይጠቅማቸዋል። የዙም ነፃ አገልግሎት ስብሰባውን በ40 ደቂቃ ይቆርጠዋል፤ ብዙ ሰው ይህን ያማርራል እንጂ ለስምንት ዓመት ልጅ ልኩ ነው። ዋይፋይ ቢኖርም ዳታ መግዛት ግድ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋልና። የሚገባበት አካውንት የወላጅ ይሁን፣ አንድ ትልቅ ሰውም እዚያው ቤት ውስጥ ይኑር፤ ትምህርቱን ያለ ወላጅ ፈቃድ መቅዳት አይገባም።

ሰዓቱ ብቻውን ብዙ ጅምር አበላሽቷል። አሜሪካ የኖረ ወላጅ «ቅዳሜ 11 ሰዓት» ሲል በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ መምህርቷ 11 ሰዓት ስትል ደግሞ የከሰዓቱን ትላለች። ሁለቱም ይቀመጣሉ፣ አይገናኙም። ስለዚህ ቀጠሮው በጽሑፍ፣ በሁለቱም ከተማ ሰዓት መጻፍ አለበት፦ «ዋሽንግተን ረፋድ፣ በፈረንጅ 11፤ አዲስ አበባ ማታ 12 ሰዓት።» ይህም ዓመቱን ሙሉ አይጸናም። አሜሪካኖች በፈረንጆቹ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ፣ በመጋቢት ሁለተኛ እሑድ ወደ ፊት ስለሚያዞሩ ያው የረፋዱ ትምህርት በክረምታቸው እኛ ዘንድ ማታ 1 ሰዓት ይሆናል። አውሮፓውያን የሚያዞሩት በሌላ ቀን ነው። እስራኤል ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ ቅዳሜ ሰንበት ስለሆነ እሑድ ማታ ይመረጣል፤ ከእነሱ ጋር ያለው ልዩነት ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። ለመምህርቷ ትልቁ ዕድል እዚህ ላይ ነው፦ የአሜሪካኖቹ ረፋድ የእሷ ማታ በመሆኑ የቅዳሜ ገበያዋም፣ የእሑድ ቅዳሴዋም አይነካም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዋጋው እንደ ቤተሰቡና እንደ መምህሩ ስለሚለያይ የሚከተለው ለስሌት ያህል ብቻ ነው። አንድ ልጅ ለአንድ ትምህርት 7 ዶላር ይክፈል። ለብቻ ከተማረ መምህርቷ በወር ከአራት ትምህርት 28 ዶላር ታገኛለች። በአንድ ደረጃ ያሉ አራት ልጆች አብረው ቢማሩ 112 ይሆናል። «ስምንት ላድርጋቸው» የሚለው ፈተና እዚህ ይመጣል፣ እንቢ ማለት ግን ይገባል። ከአርባው ደቂቃ ሃያው ልጆቹ ጮክ ብለው የሚያነቡበት ከሆነ ለአራት ልጅ አምስት አምስት ደቂቃ ይደርሳል፤ ለስምንት ሁለት ደቂቃ ተኩል። ያ ልጅ ከወር በኋላ ያው «አባባ» ላይ ነው፣ ወላጁም ያየዋል።

ገቢው የሚያድገው ቡድኑን በማብዛት ሳይሆን ትምህርቱን በመድገም ነው። ለአንድ ቡድን አርባ ደቂቃ ታስተምራለች፣ ወረቀትና ቃላት ለማዘጋጀት ሰላሳ ደቂቃ ይፈጅባታል፣ ለወላጆች «ዛሬ ይህን አንብቧል፣ በሳምንቱ ይህን አስደግሙት» የሚል የድምፅ መልእክት ለመላክ ሃያ ደቂቃ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። ያንኑ ትምህርት ለሁለተኛ ቡድን ስትደግመው ዝግጅቱ ያለቀ ስለሆነ አንድ ሰዓት ብቻ ይወስዳል። ለዚህ ነው ሁለተኛው ቡድን ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ደረጃ መሆን ያለበት፤ አንዱ ፊደል፣ ሌላው ድርሰት ከሆነ ትርፉ በዝግጅት ያልቃል።

ክፍያው በየሳምንቱ ሳይሆን በወር መጀመሪያ በአንድ ጊዜ ቢላክ የማስተላለፊያው ወጪ ይቀንሳል፤ የቀረ ልጅም ገንዘቡ ተከፍሏልና ሳምንቱን ሙሉ «ሳልመጣ የምከፍለው ለምንድን ነው» የሚል ክርክር አይነሳም። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ገንዘቡን በባንክ መቀበል ከድሮው ይልቅ ያዋጣል። ደረሰኙም ለግብር ይጠቅማል፤ ከደመወዝ ውጭ የሚገኝ ገቢ እንዴት እንደሚታይ የወረዳውን የገቢዎች ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ኋላ ከሚመጣ ቅጣት ያድናል። ለርዕሰ መምህሩም በአጭር ጽሑፍ ማሳወቅ መልካም ነው፦ ከሥራ ሰዓት ውጭ እንደሆነ፣ የትምህርት ቤቱን ተማሪዎችም ሆነ ንብረት እንደማይነካ።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ በዘመድ በኩል ይመጣሉ። ውጭ ያለች የአክስት ልጅ ልጇን ታስመዘግባለች፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ወይም የእድር ወዳጆቿ ይሰማሉ። ለዘመድ በነፃ ማስተማር ይቻላል፣ ግን ለስንት ሳምንት እንደሆነ ከመጀመሪያው ይነገር፤ ወሰን ያልተቀመጠለት ነፃ ነገር ኋላ ክፍያ ሲጠየቅበት ያቀያይማል።

የትምህርቱን ዘመን በአሥር አሥር ሳምንት መክፈል ከሁሉ ይበጃል። የመንፈቀ ዓመት ፈተና ሲደርስ መምህርቷ የሚታረም ወረቀት፣ የሚሞላ ሮስተር አለባት። በእነዚያ ሳምንታት እረፍት እንደሚሆን ወላጆች ገና ሲመዘገቡ ካወቁ ቅር የሚለው የለም። ሦስተኛ ቡድን የጠየቃት ወላጅ ቢመጣ መልሷን ከሰኞ ጠዋቷ ታግኝ። የዕለት ዕቅዷን እሑድ ሌሊት መጻፍ ከጀመረች፣ ወይም ደብተር ሳታርም ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ቦታ የለም ማለት አለባት። አዲሱን ልጅ ከአሥረኛው ሳምንት በኋላ ለሚጀምረው ቡድን ስሙን ትይዛለች።