ለአከራይ የሚጻፍ የኪራይ ደብዳቤ

«ኑሮ ተወዶብኛል» የሚል ደብዳቤ አከራይን እምብዛም አያሳምንም፤ ኑሮው ለእሳቸውም ተወዷል። የሚያነጋግረው ቁጥር ነው።

አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም የተከራየች አንዲት ሠራተኛ እናስብ። የተጣራ ደመወዟ 18,000፣ ኪራይዋ 6,000 ብር ነበር፤ ሲሶው ማለት ነው። አሁን ደመወዟ 19,800 ደርሷል፤ አከራይዋ ግን 9,000 ጠየቁ። ገቢዋ በ10 ከመቶ ሲያድግ ኪራዩ በ50 ከመቶ ሊያድግ ነው።

የአካባቢውን ዋጋ ከደላላ ብቻ አትጠይቅ፤ እሱ የሚጠራው የባዶ ቤት ዋጋ ነው። እዚያው ብሎክ የሚኖሩ ተከራዮች የሚከፍሉትን ትጠይቅ። ከ7,000 እስከ 7,500 ከሆነ እንዲህ ትጻፍ፦

«ይድረስ ለተከበሩ አከራዬ፦ በግቢያችን ተመሳሳይ ቤቶች እስከ 7,500 ይከራያሉ። የጠየቁት 9,000 የደመወዜን 45 ከመቶ ይወስዳል። 7,200 ብር፣ በየወሩ መጀመሪያ፣ ልክፈልዎ።»

7,200 ራሱ የ20 ከመቶ ጭማሪ ነው፤ አከራይዋ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። ጎረቤቶቿ 9,000 የሚከፍሉ ከሆነ ግን ይህ ክርክር አይሠራም።

ከመላክዎ በፊት አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ይዩ፤ ጭማሪው በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ብቻ ነው። የተጠየቁት ከዚያ ካለፈ ልመና አያስፈልግዎትም።