የሦስት ደቂቃ ንግግር፦ ለተማሪዎች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ምን ብሎ ይቀስቅስ?

ከመካነ ብርሃን ዙሪያ ካሉ ቀበሌዎች መጥቶ ሁለተኛ ደረጃ የሚማር ልጅ ኑሮው ከሁለት ቦታ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጓደኞቹ ጋር በተከራያት ጠባብ ክፍል ያድራል፤ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ወላጆቹ ይሄዳል። እሑድ ማታ ድርቆሹን፣ ሽሮውንና በርበሬውን ተሸክሞ ይመለሳል። መንገዱ የጃናሞራ መንገድ ነው፤ ገደል ይወረድበታል፣ ዳገት ይወጣበታል። ወንዝ የሞላ እንደሆነ ወይም ስንቁ ሳይሰናዳ የቀረ እንደሆነ ጉዞው ለሰኞ ማለዳ ይተርፋል። ሰኞ ማለዳ ደግሞ የትምህርት ቤቱ በር በሰዓቱ ይዘጋል።

የምርጫ ቅስቀሳ ንግግር እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት ከዚህ ከሰኞ በር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የተማሪ ተወዳዳሪ ንግግሩን የሚያሰማው ብዙ ጊዜ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ነው። ተማሪው በየክፍሉ ተሰልፎ ቆሟል፤ ደጋ ነውና እጁን በትንፋሹ ያሞቃል፤ መምህራን ሰዓት ያያሉ። ለአንድ ሰው ከሦስት ደቂቃ በላይ ከተሰጠው ብዙ ተሰጠው። ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው በሦስት ደቂቃ ከ300 ቃላት እምብዛም አያልፍም፤ በእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ተኩል ቢሆን ነው። ሰላምታውና ምስጋናው ግማሹን ገጽ ከወሰደ ለጉዳዩ የሚተርፈው አንድ ገጽ ብቻ ነው።

እስቲ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ልትወዳደር ተነሣች እንበል። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦ «ከመረጣችሁኝ ዘመናዊ ቤተ ሙከራ አሠራለሁ፤ ኮምፒውተር አስመጣለሁ፤ አርፋጅ እንዳይቀጣ አደርጋለሁ።» ጭብጨባ ያስገኝላታል። ነገር ግን ሦስቱም ከእጇ የሉም። ቤተ ሙከራውና ኮምፒውተሩ የበጀት ጉዳይ ናቸው፤ በጀት የሚወስን የተማሪዎች ምክር ቤት የለም። የአርፋጅ ደንብም የሚወጣውና የሚሻረው በርዕሰ መምህሩና በመምህራኑ ነው። በኅዳር የተመረጠች ልጅ በጥር «የታለ ቤተ ሙከራው?» ተብላ ስትጠየቅ መልስ አይኖራትም፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ብትናገርም የሚሰማት አታገኝም።

ስለዚህ ንግግር ከመጻፍ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። የሚያስቡትን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ከእያንዳንዱ ጎን ይህን የሚወስነው ማን ነው ብሎ መጻፍ ነው። አንዳንዱን ምክር ቤቱ ራሱ ማድረግ ይችላል፤ ለምሳሌ የማጥኛ ቡድን ማደራጀት ወይም የክበባትን ፕሮግራም ማውጣት። አንዳንዱን ሊጠይቅና ሊከራከርበት ይችላል፤ የተማሪ ተወካይ በሚቀመጥበት በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ያነሣዋል። የቀረው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያለ ነው። ይህን ሦስተኛውን ከንግግሩ ማውጣት ያማል፤ ደምቆ የሚሰማው እሱ ነውና።

ነገሩ ከፍ ባለው ትምህርት ቤትም ያው ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲም ይሁን በሌሎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ኅብረት ምርጫ ሲመጣ የካፌው ምግብ መነሣቱ አይቀርም። ይሁንና የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት የሚወሰነው በፌዴራል መንግሥት ነው፤ 22 ብር የነበረው በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ያለው በዚያው በኩል ነው። «ምግቡን አሻሽላለሁ» የሚል ተወዳዳሪ ስለዚህ ባዶ ቃል ይሰጣል። «እህሉና ዘይቱ ተመዝኖ ሲገባ ሁለት የተማሪ ተወካዮች በቦታው ቆመው እንዲያዩ እጠይቃለሁ» የሚል ግን ሊጠየቅበት የሚችል ነገር ተናግሯል።

ትልቅ ነገር መናገር ክልክል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ጥላሁን ግዛው በ1962 ዓ.ም. መጀመሪያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ የዘመኑ ተማሪ ጥያቄ ከመኝታ ክፍልና ከምግብ አልፎ ነበር፤ «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ ከወጣ ዓመታት ሆነውት ነበር። በቀደመው ዓመት ተወዳድሮ የተሸነፈው ጥላሁን በዚያ ዓመት አሸነፈ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ተገደለ። እነዚያ ተማሪዎች መሬት የማከፋፈል ሥልጣን አልነበራቸውም፤ እናከፋፍላለንም አላሉም። በእጃቸው የነበረው መጠየቅ፣ መጻፍና መሰለፍ ነበር። ቃላቸው የከበደው የሚችሉትን ነገር ስለያዘ፣ ዋጋውንም ስለከፈሉበት ይመስለኛል።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ረቂቋን ቀደደችና ሁለት ሰኞ በር አጠገብ ቆማ ቆጠረች። ካረፈዱት 40 ተማሪዎች 31ዱ ስንቅ ይዘው ከገጠር የመጡ ሆኑ እንበል። ከዚያ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ጠየቀች፤ ደንቡን መሻር እንደማይቻል፣ የሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ፈተና ግን ወደ ሌላ ሰዓት ሊዛወር እንደሚችል ነገሯት። አዲሱ ንግግሯ ይህን ይመስላል፦

«መምህሮቻችን፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ። ባለፉት ሁለት ሰኞዎች በር ላይ ቆሜ ነበር። 40 ሰው አረፈደ፤ 31ዳችን ስንቅ ተሸክመን የመጣን ነን። እኔም አንዷ ነኝ። ደንቡን አስነሣለሁ አልላችሁም፤ አልችልም። ከመረጣችሁኝ ግን በመጀመሪያው ወር ሁለት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ የሰኞ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ፈተና እንዳይሰጥበት በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ሁለተኛ፣ ያመለጠውን ትምህርት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከጓደኛው የሚቀዳበት የማጥኛ ቡድን በየክፍሉ አቋቁማለሁ። የተመለሰልኝን መልስ፣ እንቢታም ቢሆን፣ እዚሁ ሰልፍ ላይ ቆሜ እነግራችኋለሁ።»

ይህ ከአንድ ደቂቃ ብዙ አያልፍም። ቁጥር አለው፤ ቀን አለው፤ የማይቻለውን በግልጽ ይናገራል። ከሁሉ በላይ የምወደው የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ባይሳካ እንኳ እሱን መፈጸም በእሷ እጅ ነው።

ቀሪውን ሁለት ደቂቃ በምን ትሙላው? ባትሞላው ይሻላል። ብዙ ተወዳዳሪ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜ ተረፈኝ ብሎ ተፎካካሪውን ማንሣት ይጀምራል፣ ወይም ወደ አገር ልጅነት ይገባል። «እኔ የእናንተው የአገር ልጅ ነኝ» ማለት በአንድ ቀበሌ ልጆች ዘንድ ድምፅ ያመጣል፤ የከተማውን ልጅና የሌላውን ቀበሌ ልጅ ግን በዚያው ቅጽበት ያርቃል። ልጅቷ «31ዳችን» ስትል የቆጠረችው ስንቅ የተሸከመውን ሁሉ ነው፤ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ አልጠየቀችም።

ወረቀት ይዞ መውጣትም ነውር የለበትም። ቁጥሩን ከወረቀት ማንበብ እንዲያውም ሰሚው እንዲያምን ያደርጋል። ወረቀቱ ፊትን ከሸፈነ ግን ድምፁ ከፊተኛው ረድፍ አያልፍም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ከደረት ዝቅ አድርጎ መያዝ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ኪዳን በኋላም ቀና ብሎ የኋለኛውን ሰልፍ ማየት ነው።

ሰልፍ ላይ ቆማችሁ የምትሰሙ ተማሪዎች ደግሞ ድምፃችሁን ከመስጠታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ ይህን ለማስፈጸም በመጀመሪያው ሳምንት ከማን ጋር ትነጋገራለህ? የሚያነጋግረውን ሰው መጥራት ካልቻለ ገና አልተዘጋጀም።