ሠርጉ የሚያስቀርብን ነገር

ሁለት እጮኛሞች 900,000 ብር አጠራቅመዋል እንበል። ለአዳራሽ፣ ለምግብና መጠጥ፣ ለዲኮር፣ ለቪዲዮና ለመኪና ኪራይ ገንዘቡን በሙሉ የሚወስድ ሠርግ አስበዋል። ቤተ ዘመድና የቅርብ ወዳጅ ብቻ ቢጠሩ ግን 300,000 ብር ይበቃቸዋል።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች የአንድ ምርጫ እውነተኛ ዋጋ በእሱ ምክንያት የቀረብን ከሁሉ የተሻለ አማራጭ ነው ይላሉ። እዚህ ጋ የሚመዘነው የ600,000 ብሩ ልዩነት ነው። የቤት ኪራያቸው በወር 20,000 ብር ቢሆን የ30 ወር ኪራይ ይሸፍናል። ሙሽራዋ ልብስ ሰፊ ከሆነች ደግሞ የስፌት መኪናና የሱቅ ቅድመ ክፍያ ይሆናል። ሁለቱን መደመር ግን ስህተት ነው፤ አንድ ብር ሁለት ቦታ አይውልምና የሚቆጠረው የተሻለው ብቻ ነው።

አማራጩ በእርግጥ የሚፈጸም መሆንም አለበት። የተረፈው ብር ባንክ ቢቀመጥና የዋጋ ንረቱ ከወለዱ ቢበልጥ፣ የመግዛት አቅሙ ይቀንሳል።

ድግሱ በዕቁብ ከተደገሰ ደግሞ ዋጋው ወደፊት ይዘልቃል። ዕቁቡ ቀድሞ የደረሰው ሰው ከሠርጉ በኋላም መጣሉን ስለሚቀጥል፣ የሚተወው የትዳሩን የመጀመሪያ ወራት ገቢ ጭምር ነው።

ትልቅ ሠርግ የወላጆች ደስታና የዘመድ መሰባሰብ ስላለው፣ አመዛዝኖ የመረጠው አልተሳሳተም። የአዳራሹ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ግን ጥንዶቹ አንዱን አማራጭ ከነዋጋውና ከሚጀመርበት ወር ጋር ጽፈው ከድግሱ ዝርዝር ጎን ያስቀምጡት።