የሙሽራዋ አብሮ አደግ ብርጭቆ ስታነሳ

በከተማ ሠርግ ሽማግሌዎች ከመረቁና እንግዳው ከተመገበ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ለሙሽራዋ አብሮ አደግ ይሰጣል። ምርቃቱን ሽማግሌዎች ጨርሰውታል፤ የእሷ ድርሻ የሙሽራው ወገን ገና የማያውቃትን ሙሽራ በጓደኛ ዓይን ማሳየት ነው። ለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል።

ንግግሩ የሚጀምረው ተናጋሪዋ ማን እንደሆነችና ሙሽራዋን ከየት እንደምታውቃት በሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ አንድ ታሪክ ይከተላል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሲጨመር እንግዳው ወደየጨዋታው ይመለሳል። የሚመረጠው ታሪክ ማብራሪያ የማይፈልግ፣ ሙሽራዋ ራሷ እየሳቀች የምታወራው፣ እናቷም አንገታቸውን ሳይደፉ የሚሰሙት ነው። የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የሰው መልክና ቁመና፣ የትውልድ አካባቢ ለቀልድ አይነሱም።

ለምሳሌ እንዲህ ያለ ንግግር ይቻላል፦

«ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ነው ያደግነው። ምሳ ዕቃ ሲከፈት ‹ግማሽ ግማሽ› ትለኛለች፤ የእሷ ግማሽ ግን ሁልጊዜ ይበልጣል። እናቷ ይህን ሲሰሙ ለእኔም ጨምረው መቋጠር ጀመሩ። እናታችን፣ እግዜር ይስጥልን! ዛሬ ግን ልብ ብዬ አየኋት፤ ትልቁን ጉርሻ ለሙሽራችን ሰጠች። እኔ በስንት ዓመት ያላገኘሁትን እሱ በአንድ ቀን አገኘ። የሙሽራው ቤተሰቦች፣ ልጃችሁ በእውነት ተወዷል!»

ይህ ታሪክ የሚያስቀው ምሳ ዕቃንና ጉርሻን የማያውቅ በአዳራሹ ስለሌለ ነው። ሙሽራዋ ትንሽ ብትነካም መጨረሻው ፍቅሯን ይመሰክራል። እናቷ ይመሰገናሉ፣ ሙሽራው ይከበራል፣ ቤተሰቦቹም ተጠርተው የጨዋታው አካል ይሆናሉ።

ቀልዱ አለመድረሱ የሚታወቀው አንድ ጠረጴዛ ሲስቅ ሌሎቹ «ምን አለች?» ብለው ሲጠያየቁ ነው። እዚያ ላይ ለማስረዳት መሞከር ንግግሩን ከማስረዘም በቀር አይጠቅምም፤ ወደ ምኞቱ ማለፍ ይሻላል። ከቀኑ አስቀድሞ ጽሑፉን ከጓደኞች ክበብ ውጭ ላሉ ለአንድ ትልቅ ሰው ጮክ ብሎ ማንበብ ብዙ ያድናል። እሳቸው የሚጠይቁት ቦታ ሁሉ እንግዳውም የሚጠፋበት ነው።

መዝጊያው ብርጭቆ ማንሳት ነው። ከእንግዶቹ ጠጅ የያዘ አለ፤ መጠጥ የማይቀምሰውም ብርዝ ወይም ለስላሳ ይዟል። ስለዚህ ጥሪው «በእጃችሁ ያለውን አንሱ» ቢሆን ማንም አይቀርም። ሁሉም እስኪያነሳ ጥቂት ይጠበቃል፤ የሁለቱ ሙሽሮች ስም አብሮ ተጠርቶ አንድ ምኞት ይነገራል፤ ከዚያ ተናጋሪዋ ጠጥታ ትቀመጣለች።